«አልመጣም» ስል የቀረው ማን ነው?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ኋላ ለመጣ ሰው እንዲመቸው ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር መልሼ ጽፌያቸዋለሁ። አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፌዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ግን ቆይቻለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ በስልክ መልእክት ሁለት ነገር አከታትላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ወንድሜ መምጣቱን፣ ቀጥላ እኔ እመጣ እንደሆነ። የስብሰባ አዳራሹ ቁልፍ ወንድሜ እጅ ነበር። እሱ እስኪደርስ እየጠበቅኩት ነበር፤ ከዚያ አብረን ልንሄድ ነው። እጄ ተይዞ ስለነበር አንዲት ቃል ብቻ ጻፍኩላት፦ «አልመጣም»። ወንድሜ ገና አልደረሰም ማለቴ ነው። እሷ ግን እኔ እንደምቀር አድርጋ ወሰደችው። የተሰበሰበውን ሰው በትና ሄደች። እኛ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንደርስ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ማታ ቃሉን ደጋግሜ አየሁት። ስለ ወንድሜ ሲሆን «አልመጣም» ትክክል ነው። ስለ ራሴ ብናገር ኖሮ «አልመጣሁም» እል ነበር ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የተሳሳተችው ጓደኛዬ ናት አልኩና ሰው እንዲፈርደን እዚህ ለጠፍኩት።

ምላሽ 1

ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ተስማማ። ስለ ሌላ ሰው የተጻፈን ቃል ወደ ራስ መውሰድ የጥድፊያ ንባብ ነው አለ። በጣም ትሁት መልስ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ብዙ አልቆየልኝም።

ምላሽ 2

ይህኛው በአክብሮት አረመኝ። «አልመጣሁም» ያለፈ ነገር ነው። ትናንት የቀረ ሰው ይለዋል። ነገ የሚቀር ሰው ግን «ነገ አልመጣሁም» አይልም፤ «ነገ አልመጣም» ነው የሚለው። ስለዚህ ጓደኛዬ የእኔን ቃል ስለ እኔ አድርጋ ማንበቧ ስህተት አይደለም አለ። እኔም የጻፍኩት ስህተት አይደለም። ሁለታችንም ትክክል ሆነን ነው የተጠፋፋነው።

ይህን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ። ስናገረው የኖርኩትን ቋንቋ እንዲህ አይቼው አላውቅም።

ምላሽ 3

ነገሩ በአንድ ሕግ ያልቃል አለ። ግሱ ፊት «አል» ወይም «አይ»፣ ግሱ ኋላ «ም»። ሁለቱን ያሟላ ሰው አይሳሳትም። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው «ም»ን ከሚጥሉ ሰዎች ነው ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። ነገር ግን የእኔ ቃል ሁለቱንም አሟልቷል፤ ፊቱም ኋላውም ሙሉ ነው። ለምን እንደተምታታ አልነገረኝም።

ምላሽ 4

ለዓመታት አማርኛን ለአዋቂዎች ያስተማሩ ሴት ናቸው። ከክሩ ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከእርሳቸው ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

መጀመሪያ ያለፈውን ጊዜ እንዳየው ነገሩኝ። አልመጣሁም፣ አልመጣህም፣ አልመጣሽም፣ አልመጣችም፣ አልመጣንም። ፊት ያለው «አል» ለማንም አይለወጥም። ማን እንደሆነ የሚነግረን ከ«ም» በፊት ያለው ጭራ ነው። «እሱ» ብቻ ጭራ የለውም። ለዚህ ነው ባዶውን «አልመጣም» የሆነው።

ቀጥሎ ያላለፈውን። አትመጣም፣ አትመጪም፣ አይመጣም፣ አንመጣም። እዚህ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ማን እንደሆነ በዋናነት የሚነግረን ፊቱ ነው። የ«እኔ» ፊት ምንድን ነው? «አል»። እናም «አልመጣም»።

የእሱ ያለፈ እና የእኔ ያላለፈ አንድ ቦታ ላይ የተጋጩት እንዲህ ነው። በአዎንታው ጊዜ ግጭት የለም። «መጣ» እና «እመጣለሁ» አይመሳሰሉም። «እመጣለሁ» ፊቱ ላይ «እ»፣ ኋላው ላይ «አለሁ» አለው። ወደ አሉታ ሲዞር ግን «እ»ን «አል» ይውጠዋል። «አለሁ» ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይወድቅና ቦታውን ለ«ም» ይለቃል። ሰውየውን የሚለዩት ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ጊዜ ጠፉ ማለት ነው።

ታዲያ በሌላ ግስ ላይ ይህን ያህል የማንሳሳተው ለምንድን ነው? «ሄደ»ን ወሰዱ። «አልሄደም» እሱ ነው፤ «አልሄድም» እኔ ነኝ። በ«ደ» እና በ«ድ» መካከል ያለችው አንዲት ድምፅ ታድነናለች። «መጣ» ግን መጨረሻው «ጣ» ስለሆነ በሁለቱም በኩል «ጣ» ሆኖ ይቀራል። ሰማ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ጠራም እንዲሁ ናቸው። አልሰማም፣ አልገባም፣ አልወጣም ብቻቸውን ሲጻፉ የእሱም የእኔም ናቸው።

በ«ሄደ» በኩልም ቢሆን ሙሉ ሰላም የለም ብለው ጨመሩ። በጥድፊያ ሲጻፍ «ደ» ሊነካ የፈለገ ጣት «ድ» ላይ ይቀራል። የወጣው ቃል ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ አንባቢው ስህተት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ምላሽ 5

ድምፁን ለንባብ የሚያውል ሰው ነው። ለጆሮ ከሆነ ሁለቱ ቃላት ፈጽሞ አንድ አይደሉም አለ። ስለ እሱ ስንናገር «ጣ» ይጠብቃል፤ ምላስ እዚያ ላይ ትንሽ ትቆያለች። ስለ እኔ ሲሆን «ጣ» ይላላል። ጮክ ብላችሁ «ወንድሜ አልመጣም»፣ ቀጥሎ «ነገ አልመጣም» በሉ ብሎ አዘዘን። አልኩት። እውነቱን ነው።

በደንብ እንዲገባን «አልሰማም»ን ጨመረ። «ጮኼ ጠራሁት፣ አልሰማም» ሲባል «ማ» ይጠብቃል። «ምክርህን አልሰማም» ሲባል ይላላል። ሦስተኛም አለው፤ «እዚህ ሆኜ ብናገር አልሰማም» ሲባል፣ ድምፄ ለሰው አይደርስም ማለት ነው። ያኔ «ሰ»ም «ማ»ም ይጠብቃሉ። ፊደላችን ሦስቱንም በአንድ መልክ ነው የሚጽፋቸው።

ምላሽ 6

የ5 ቁጥሩን ሰው በአንዲት ቃል ያዘው፦ «አልተኛም»። «ልጁ አልተኛም» ሲባል «ኛ» ይጠብቃል። «እኔ ዛሬ አልተኛም» ሲባልም ይጠብቃል። ልዩነቱ የት አለ? ጆሮም አያድንም ማለት ነው ብሎ ጠየቀ።

5 ቁጥር ብዙ ቆይቶ መጣና ተቀበለ። አንዳንድ ግስ ባለፈውም ባላለፈውም እኩል ይጠብቃል፤ «ለካ»ም እንደዚያው ነው አለ። «ጨርቁን አልለካም» ሲባል ማን እንዳልለካ በጆሮም አይታወቅም። ስህተቱን እንዲህ በግልጽ የሚቀበል ሰው አከብራለሁ።

ምላሽ 7

አማርኛን በጎልማሳነቱ የተማረ ሰው ነው። የራሱን ነገር ይዞ መጣ። ለወራት «አልሄዳለሁም»፣ «አልፈልጋለሁም» ሲል እንደኖረ ጻፈ። ሁሉም ስለሚረዳው ማንም አላረመውም። ለምን እንደሚሳሳት የገባው ምላሽ 4ን ሲያነብ ነው። «እሄዳለሁ»ን እንዳለ ወስዶ ፊቱ ላይ «አል»፣ ኋላው ላይ «ም» ይለጥፍ ነበር። «አለሁ» መውደቅ እንዳለበት የነገረው የለም።

በነገራችን ላይ የ3 ቁጥሩን ሕግ ፊደል በፊደል የጠበቀ ሰው እሱ ነው። ሕጉን ጠብቆ ነው የተሳሳተው።

ምላሽ 8

ጥያቄዬን ሌላ አድርጋ የተረዳች እናት ናት። ልጇ «አትምጣም» ይላል፤ እንዴት ላርመው ብላ ጠየቀች። ከጉዳዬ ጋር ባይገናኝም ጥሩ ጥያቄ ነበር። ልጁ ሁለት ነገር አደባልቋል። ሲከለክል «አትምጣ» ነው፤ «ም» የለውም። ሲናገር «አትመጣም» ነው። ከኋላ ያለው «ም» ብቻ ሳይሆን ውስጡም ይለያያል፤ አንዱ «ምጣ»፣ ሌላው «መጣ»። የመለሱላት 4 ቁጥር ናቸው። «ምጣ» ብቻውን አይባልም፣ ትእዛዙ «ና» ነው፤ ግን ልጁ «ውጣ» ብሎ «አትውጣ» ማለት ከቻለ «አትምጣ»ንም በዚያው መልክ ይበል አሏት።

ምላሽ 9

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረር አለ። 9 ቁጥር የመጣው በቀጥታ ወደ 3 ቁጥር ነው። «ም» ከሌለ ስህተት ነው ያልከው ከየት የመጣ ሕግ ነው ብሎ ጀመረ። «ያልመጣ ሰው»፣ «ካልመጣ»፣ «ስላልመጣ»፣ «ሳይመጣ»፣ «አለመምጣት»። አንዱም «ም» የለውም፤ አንዱም ስህተት አይደለም። ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ነው «ም» የሚይዘው፤ ወደ ሌላ ግስ የሚሸጋገረው አይዝም አለ። ቃላቱ ሻካራ ነበሩ። ነጥቡ ግን ትክክል ነው።

አንድ ለእኔ የጠቀመኝ ነገርም ጨመረ። እንደዚህ ሲያያዝ የእኔ ግጭት ብዙውን ጊዜ ይፈታል። «ስላልመጣ» ስለ እሱ ነው፤ ስለ እኔ ሲሆን «ስለማልመጣ» ይሆናል። ያቺ «ማ» ያላለፈውን ካለፈው ትለያለች። «እሱ ስላልመጣ ቆየሁ» ብዬ ብጽፍላት ኖሮ አዳራሹ አይበተንም ነበር።

ምላሽ 10

3 ቁጥር ተናዶ ተመለሰ። «ባይመጣም እሄዳለሁ» ውስጥ ያለው «ም» ታዲያ ምንድን ነው? ወደ ሌላ ግስ የሚሸጋገር ነው፤ «ም»ም አለው። ሕግህ ፈረሰ አለው። በዚያው ላይ የ9 ቁጥርን ምሳሌዎች በደንብ ማየቱን ለመናገር ሲል «አላየውም ብለህ እንዳታስብ» ብሎ ጻፈ። ያቺ ቃል በኋላ ጣጣ አመጣች።

ምላሽ 11

መልሱን ያመጣችው እስከዚያ ዝም ብላ ስታነብ የነበረች ልጅ ናት። «ባይመጣም»ን ወደ አዎንታ መልሱት አለች። «ቢመጣም እሄዳለሁ» ይሆናል። «ም» አልወደቀም! የአሉታ «ም» ቢሆን ኖሮ አሉታው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ይህ ሌላ «ም» ነው፤ «እሱም መጣ» ስንል የምንሰማው ዓይነት።

ይህ መፈተኛ በጣም ወድጄዋለሁ። «ም» አይታችሁ የትኛው እንደሆነ ስትጠራጠሩ «አል»ን ወይም «አይ»ን አንሱት። «ም»ም አብሮ ከሄደ የአሉታ ነው። ከቀረ የራሱ ሥራ አለው። «አልመጣም» ሲፈታ «መጣ» ነው፤ «ም» ሄዷል። «ያልመጣም አለ» ሲፈታ «የመጣም አለ» ነው፤ «ም» ቀርቷል።

ምላሽ 12

በአጭሩ «በሩ አልከፈት አለ» የሚለውን አነሳ። «መኪናው አልነሳ አለ»፣ «ልጁ አልሰማ አለ»። እዚህም «ም» የለም። ደግሞ በሩ ራሱ «እኔ አልከፈትም» ያለ ይመስል ቃሉ በ«እኔ» መደብ ነው የተቀመጠው። «ሰዎቹ አልመጣ አሉ» ስንልም ሰዎቹ ብዙ ሆነው «አልመጣ» የአንድ ሰው ቃል እንደሆነ ይቀራል። 9 ቁጥር ይህን አላሰበበትም ነበር፤ ግን ከሕጉ ጋር አይጣላም፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው «አለ» ነው አለ። እኔ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። «መጣ አልመጣ ግድ የለኝም» ስንልም «ም» ትወድቃለች፤ እሱንስ በዚሁ እናስረዳዋለን? መልስ የሰጠኝ የለም።

ምላሽ 13

አንድ ሰው የ10 ቁጥርን «አላየውም» መዝዞ አወጣ። ፊደል ሳትለይ ስለ ሕግ ታወራለህ ወይ ብሎ ዘለፈው። ልክ ያልሆነ አነጋገር ነበር፤ ይህንንም እዚያው ጻፍኩለት። ስህተቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ብዙዎቻችንም እንሠራዋለን። «አላየሁም» ማለት የፈለገ ሰው «ሁ»ን በ«ው» ይተካታል። አፋችን ላይ ስለሚቀራረቡ ነው። በአዎንታው «መጣው» ብለን ስንጽፍ አንባቢ ገምቶ ያልፈዋል። በአሉታው ግን «አላየውም» የራሱ ትርጉም አለው፤ ደግሞም ሁለት። እሱ ያንን ነገር አላየውም፤ ወይም እኔ ወደፊት አላየውም። አሁን «አላየሁም» ሦስተኛ ሆና ገባችበት።

ምላሽ 14

10 ቁጥር ይቅርታ ጠየቀ፤ 13 ቁጥር አልጠየቀም።

ምላሽ 15

ከመሥመር የወጣ ነበር፤ ግን አልቆረጥኩትም። ትርጉም የሚሠራ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚያርመው ስህተት «ላይመጣ ይችላል» እና «ሊመጣ አይችልም» የሚሉትን ማምታታት እንደሆነ ነገረን። የመጀመሪያው በር ክፍት ይተዋል፤ ሊመጣም ሊቀርም ነው። ሁለተኛው በሩን ይዘጋል። አሉታው የገባው በየትኛው ግስ ላይ እንደሆነ ማየት ብቻ ነው። «መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል» እና «መድኃኒቱ ሊሠራ አይችልም» አንድ ሰው ላይ የሚያደርሱት ነገር አንድ አይደለም።

ምላሽ 16

ቴክኒኩን የሚወድ ልጅ ነው። ለመጥበቅ ምልክት አለ እኮ አለ። ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ በዩኒኮድ `U+135F` ነው ቁጥራቸው። እንዲህ ጻፈው፦

```
አልመጣ፟ም
አልመጣም
```

የላይኛው ወንድሜ፣ የታችኛው እኔ። 6 ቁጥር ወዲያው «አልተኛም»ን አስታወሰው፤ በሁለቱም ላይ ነጥቡ ይቀመጣል። ደግሞ እጁ የተያዘ ሰው ይህን ምልክት ፈልጎ አይጽፍም። ልጁ ግን መዝገበ ቃላት ላይ ቢኖር ይጠቅማል በሚለው ጸና፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ምላሽ 17

4 ቁጥር ተመልሰው መጡ። በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን እንደሚጽፉ ጠይቄያቸው ነበር። «ገና አልመጣም» ይበቃ ነበር አሉኝ። «ገና» ወይም «እስካሁን» ከገባ የሚወራው እስከ አሁን ስላልሆነው ነገር ነው፤ የነገው እኔ አይገባበትም። «ነገ» ከገባ ደግሞ እሱ ይወጣል። «ዛሬ» ግን አይረዳም፤ «ዛሬ አልመጣም» ሁለቱንም ይሸከማል። ስለ ጊዜ መጨነቅ ካልፈለግሽ «እሱ» በይ፤ አንዲት ቃል ናት።

9 ቁጥር ተመልሶ የራሱን የ«ስላልመጣ»ን ነገር አጠበበ። «እንዳልመጣ» ይህን አያሟላም አለ። «እንዳልመጣ ሰማሁ» ሲባል እሱ ነው የቀረው። «እንዳልመጣ ከለከለኝ» ሲባል ግን እኔ ነኝ። እዚህ «ማ» አልገባችም። ሰዎቹ ተጋጭተው ሲጀምሩ ካየሁት ይልቅ እንዲህ ተራርመው ሲቀጥሉ ማየቱ ደስ አለኝ።

ምላሽ 18

የመጨረሻው የራሷ የጓደኛዬ ነው። ክሩን የላክሁላት እኔ ነኝ። አልተቆጣችም። መልእክቴን ስታነብ በእኔ ድምፅ እንደሰማችው ጻፈች፤ «ጣ» ላልታ። ምክንያቱም መጨረሻ የጠየቀችው ስለ እኔ ነበር፤ መልሱንም ለዚያኛው ጥያቄ አደረገችው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ ነበር የጀመርኩት። ጥያቄዎቹን ብትገለብጣቸው፣ ስለ እኔ አስቀድማ ስለ ወንድሜ ብታስከትል፣ ያችኑ ቃል አጥብቃ ታነባት ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። እስካሁን የመለሰላት የለም።